የግድግዳ ሰዓታችሁ ከቆመ መጀመሪያ የት ላይ እንደቆመ እዩ

ኮዬ ፈጬ ያለው ቤታችን የግድግዳ ሰዓቱ አዲስ ባትሪ ተደርጎለትም በየቀኑ ይቆም ነበር። ሰከንድ ቆጣሪው 9 ቁጥር አካባቢ ሽቅብ መውጣት አቅቶት እዚያው ከተንቀጠቀጠ ብዙ ጊዜ ባትሪው ደክሟል ማለት ነው። የኛ ግን የሚቆመው ረጅሙና አጭሩ ቆጣሪ ሲደራረቡ ነው፣ 3 ከሩብ አለፍ ሲል። ባትሪውን አውጡ፣ መስታወቱን ፍቱና በጎን በኩል እዩት። ከተነካኩ የረጅሙን ጫፍ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ አቅኑት፣ ሰከንድ ቆጣሪውን ግን እንዳይነካ፤ በመሃላቸው ወረቀት በነፃነት ማለፍ አለበት። ከዚያ ከኋላ ባለው ማዞሪያ 12 ሰዓት ሙሉ አዙራችሁ ሞክሩት። እንዲህም ሆኖ ወደ ኋላ ከቀረ ሞተሩ አርጅቷል። አዲስ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የመሃሉ ዘንግ ርዝመት እኩል ካልሆነ አይገጥምም።