«ጎበዝ።» ምስጋና ነው ወይስ አሽሙር? አጭር መልስ ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው መጋቢት የእቁባችን ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የምንኖር አሥራ ሁለት ሴቶች ነን። ዕጣው ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ሁለት ሰው አልከፈለም። ማታ በቴሌግራም ለሁሉም ጻፍኩ፦ «ሁለት ሰው ስላልከፈለ ዕጣው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተዛውሯል።» ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ አንዷ መለሰች፦ «ጎበዝ። እንዲህ ነው ሥራ።»

ደሜ ፈላ። «የተሻለ ካወቅሽ ነይና አንቺ ሰብስቢ» ብዬ ላክሁላት። አራት ቀን ዝም አለችኝ። በአምስተኛው ቀን ጎረቤት ቤት ቡና ላይ ስንገናኝ፣ «እኔ እኮ ከልቤ ነው ያልኩሽ» አለችኝ። ከእኔ በፊት የነበረችው ጸሐፊ የጎደለውን ከኪሷ እየሞላች ዕጣ ታወጣ ነበር። በኋላ ያንን ገንዘብ ለማስመለስ ስንት ጭቅጭቅ ተነሣ። ይቺ ሴት ያን ሁሉ አይታለች። ሁሉም ሳይከፍል ዕጣ አይወጣም ማለቴ ደስ ብሏት ነው ያመሰገነችኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ደጋግሜ አሰብኩበት። አንድ ቃል ሳነብ ስንት ቦታ ላይ እንደተሳሳትኩ አሁን ይታየኛል።

ቃሉን በራስ ስሜት ድምፅ ማንበብ

ያን ማታ ደክሞኝ ነበር፤ ሁለቱን ሴቶች ስለምናቸውና ስደውልላቸው ነው የዋልኩት። ስለዚህ «ጎበዝ» የሚለውን ያነበብኩት በእሷ ድምፅ ሳይሆን በራሴ ብስጭት ነው። ጽሑፍ ድምፅ የለውም፤ ድምፁን የሚሰጠው አንባቢው ነው።

ችግሩ ከጸሐፊውም በኩል አለ። እነ ጀስቲን ክሩገርና ኒኮላስ ኤፕሊ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የምርና የአሽሙር ዓረፍተ ነገሮችን በኢሜይል ለሌላ ሰው ይልኩ ነበር። ላኪዎቹ ከመቶው 78ቱን ተቀባዩ በትክክል ይለያል ብለው ገመቱ። ተቀባዮቹ ግን የለዩት 56 ያህሉን ብቻ ነው። ያው ዓረፍተ ነገር በድምፅ ሲነገር 73 ደረሰ። ሳንቲም ወርውሮ መገመትም እኮ 50 ያመጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሚጽፈው ሰው ሲጽፍ የራሱ ድምፅ በጆሮው ይሰማዋል፣ ለአንባቢውም የተሰማ ይመስለዋል።

አሽሙሩን ከቃሉ ውስጥ መፈለግ

ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው። «ጎበዝ» ብቻውን ምስጋናም አሽሙርም አይደለም። «ታድለሽ»ም፣ «እሰይ»ም፣ «ደግ አደረግሽ»ም እንደዚያው ናቸው። አሽሙር የሚታወቀው ቃሉ ሁለታችሁም ከምታውቁት እውነት ጋር ሲጋጭ ነው።

ግንቦት ላይ እዚህ ድሬ ወንድሜ «ካፖርቴን አምጪልኝ፣ በረደኝ» ብሎ ቢጽፍልኝ አልሳሳትም። ሙቀቱን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ እንደማውቅም ያውቃል። ያንኑ መልእክት ድሬን አይታ ለማታውቅ ዘመዳችን ቢልክላት ግን «አሞት ይሆን?» ብላ ትደውላለች። ቃሉ አንድ ነው፤ የጎደለው የጋራ እውቀቱ ነው።

እኔም እዚህ ጋ ነው የሳትኩት። የዕጣው መዛወር መጥፎ ዜና መሆኑን እሷም እንደኔ ታምናለች ብዬ ደመደምኩ። መጥፎ ዜና ላይ «ጎበዝ» ከተባለ አሽሙር ነው። ለእሷ ግን ዜናው ጥሩ ነበር፤ ስለዚህ ቃሉ ከምንም ጋር አልተጋጨም። ራሴን መጠየቅ የነበረብኝ «ምን ማለቷ ነው?» ብዬ ሳይሆን «ይሄ ነገር በእሷ ዓይን መጥፎ ነው ወይስ ጥሩ?» ብዬ ነው። መልሱን ካላወቅሁ ደግሞ አሽሙር ነው ለማለት ምንም ማስረጃ የለኝም።

አራት ነጥብን እንደ ቁጣ መቁጠር

ከቃሉ በላይ ያናደደችኝ ያቺ «።» ናት። ፊቴ ላይ በር የተዘጋብኝ መሰለኝ። እርግጥ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ቢንጋምተን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ አንድ ጥናት እንዲህ ያለ ነገር አግኝቷል። በስልክ መልእክት የአንድ ቃል መልስ በነጥብ ሲዘጋ አንባቢዎች ቅንነቱ ቀነሰ አሉ። ያው መልስ ወረቀት ላይ በእጅ ሲጻፍ ግን ነጥቡ ለውጥ አላመጣም።

ይሁን እንጂ ነጥብ የሚናገረው ሰውየው ሌላ ጊዜ የማይጠቀምበት ከሆነ ነው። በኋላ ወደ ላይ ወጥቼ የቀድሞ መልእክቶቿን አየሁ። «ደርሻለሁ።» «ከፍያለሁ።» «እንኳን አደረሳችሁ።» ሁሉም በአራት ነጥብ ያለቁ ናቸው። ልማዷ ነው። አሥር መልእክት ወደ ኋላ ማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ ግን ያነበብኩት ከተጣላን በኋላ ነው።

የአገሩን አነጋገር አለማወቅ

እሷ ያደገችው ደብረ ማርቆስ ነው፤ እኔ ድሬ። እዚህም ሐረርም አንቱታ ብዙ አይዘወተርም። ትልቁንም ትንሹንም «አንተ»፣ «አንቺ» እንላለን፤ ንቀት የለበትም። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ግን «ትንሽ ልጅ አንተ አለችኝ» ብሎ ይቀየማል። «አቦ ተወው» የሚለውንም እንደ ማባረር የሚያየው አለ። እኛ ግን ለምንወደው ሰው ነው የምንለው።

ተቃራኒው ግን እውነተኛ ምልክት ነው። ዕድሜ ልኩን «አንቺ» ሲለኝ የኖረ የድሬ ጓደኛዬ ድንገት «እንደ ፈቀዱ፣ እመቤቴ» ብሎ ከጻፈ አንድ ነገር አለ። ወይ እየቀለደ ነው፣ ወይ ተቀይሟል። አሁንም መለኪያው ቃሉ አይደለም፤ ከራሱ ልማድ መውጣቱ ነው።

የሚስቅ ፊት ካለ ቀልድ ነው፣ ከሌለ የምር ነው ማለት

የሚስቅ ፊት ስድብን ለማለስለስም ይላካል፤ ብዙ ሰው ደግሞ ሲቀልድም ጨርሶ አይጠቀምበትም። በአማርኛ ጽሕፈት ለዚሁ ጉዳይ ትእምርተ ስላቅ የሚባል ምልክት አለን፤ የተገለበጠ ቃለ አጋኖ ይመስላል፣ «¡»። በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲቀመጥ የተባለው የምር እንዳልሆነ ይነግራል። ቢለመድ እወድ ነበር። እስከዚያው ግን ምልክት አለመኖሩን እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት።

አሽሙርን በአሽሙር መመለስ፣ ወይም «ምን ማለትሽ ነው?» ማለት

መልሱ የምር ከነበረ፣ እኔ እንዳደረግሁት፣ ያመሰገነሽን ሰው ሰደብሽ ማለት ነው። «ምን ማለትሽ ነው?» የሚለው ደግሞ ጥያቄ ይመስላል እንጂ በጽሑፍ ሲነበብ የጠብ መነሻ ነው። የተሻለው ስለ አነጋገሯ ሳይሆን ስለ ጉዳዩ መጠየቅ ነው፦ «ዕጣው መዛወሩ ተስማምቶሻል ወይስ ይውጣ ትያለሽ?» ለዚህ በአሽሙር መመለስ ይከብዳል። ሁሉም በሚያየው ቦታ ሳይሆን ለብቻዋ መላክ ይሻላል፤ ሰው ፊት የተጠየቀ ሰው ሐሳቡን ትቶ ክብሩን ነው የሚከላከለው። ከተቻለ ደግሞ በድምፅ።

ሐምሌ ላይ እንደገና አንድ ሰው ሳይከፍል ቀረና ዕጣውን አዛወርኩ። ያቺው ሴት «እሺ በቃ።» ብላ ጻፈች። ትንሽ ደነገጥኩ። ከዚያ ለብቻዋ በድምፅ ላክሁላት፦ «ለቅዳሜ ይሁን ወይስ ገንዘቡ ቸኩሎብሻል?» በድምፅ መለሰችልኝ። ከኋላ የልጅ ለቅሶ ይሰማል። «ቅዳሜ ይሁን፣ ልጁ አተኩሶት በአንድ እጄ ነው የጻፍኩልሽ» አለች።