ሰፊው መሬት ዓይን ሲሰርቅ፦ የጎጃምን ቁጥር በካርታ ስናሳይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የተቀባ የጎጃም ካርታ ተለጥፏል፤ ቁጥሩ ከፍ ያለበት ደማቅ፣ ዝቅ ያለበት ፈዛዛ። ሰብሳቢው «እስቲ የቱ ጋ ነው የበዛው?» ሲሉ የሁሉም ጣት ወደ ሰፋፊው ቀይ ሄደ። ባሕር ዳርን ያነሳ አልነበረም። እሷ ጣና ጫፍ ላይ ያለች ነጥብ ነበረች፤ ከኋላ ወንበር ሆኖ ቀለሟን መለየትም አይቻልም። ሰዎቹ አልተሳሳቱም፣ ካርታው ነው የመራቸው። እንዲህ ያለ ካርታ የምትሠሩ ካላችሁ ይሄ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

ምሳሌዬ የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ወረዳውም ዞኑም ብዙ ተሸንሽኗል፣ ቁጥሩም አድጓል፤ ለማሳያ ግን ይበቃናል። በወቅቱ ምሥራቅ ጎጃም 2,153,937፣ ምዕራብ ጎጃም 2,106,596፣ አዊ 982,942፣ ባሕር ዳር ልዩ ዞን ደግሞ 221,991 ሰው ነበራቸው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት የሰው ብዛትን እንዳለ ወስዶ መሬት ላይ መቀባት ነው። አራቱን ዞኖች አንድ ወረቀት ላይ አትማችሁ ጎጃም በጠቅላላ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያዘ እንበል። አዊ ወደ 25 የሚጠጋውን ይወስዳል። ባሕር ዳር ከግማሽ ካሬ ሴንቲ ሜትር ትንሽ ብታልፍ ነው፣ የትንሽ ጣት ጥፍር ታህላለች። ወረቀቱን በመሬት ሳይሆን በሰው ብናካፍለው ግን አዊ ወደ 18 ይወርዳል፣ ባሕር ዳር 4 ታገኛለች። ስለዚህ ካርታው አዊን ከድርሻው በላይ ዘርግቶታል፣ ባሕር ዳርን ደግሞ ሰባት ጊዜ ያህል አሳንሷታል፤ ይሄ ሁሉ የሆነው ገና ቀለም ሳንመርጥ ነው። ዓይን ቅባቱ ምን ያህል ቦታ እንደሸፈነ ነው የሚያየው፣ ከሥሩ ስንት ሰው እንዳለ ቀለሙ አይነግረውም።

«ታዲያ በስኩዌር ኪሎ ሜትር አካፍዬ ጥግግቱን ልቀባ» የሚል አለ። ልክ ነው፣ የሚቀባ ካርታ መቀባት ያለበት ድርሻን ወይም ጥግግትን ነው፣ ድፍን ቁጥርን አይደለም። እንግዲህ እናካፍል። ባሕር ዳር በስኩዌር ኪሎ ሜትር 1,040 ሰው ገደማ ይወጣላታል፣ ምዕራብ ጎጃም 158፣ ምሥራቅ ጎጃም 154፣ አዊ 107። ቅድም ፈዛዛ የነበረችው ባሕር ዳር አሁን ከሁሉም ደማቅ ሆነች። ግን የምትታየው አሁንም በዚያችው ጥፍር ላይ ነው! አንባቢ የሚያየው ሦስት ሰፋፊ ፈዛዛ መሬት ነው፣ «ጎጃም ሰው የሳሳበት ነው» ብሎ ይሄዳል። ማካፈል የቀለሙን ስህተት ያርማል እንጂ የስፋቱን አያርምም። ብዙ ሰው ይሄን ሁለተኛውን ይረሳል፣ እኔም ለዓመታት ረስቼው ነበር።

በባር ግራፍ ብታደርጉት ግን የባሕር ዳር ዘንግ ከምዕራብ ጎጃም ከስድስት ጊዜ በላይ ይረዝማል፣ ማንም አይስተውም። በ1984 እ.ኤ.አ. ክሊቭላንድና ማክጊል የተባሉ ሁለት የስታቲስቲክስ ሰዎች ይሄን በደረጃ አስቀምጠውታል፦ ሰው ከአንድ መሥመር የተነሡ ነገሮችን ርዝመት ሲያወዳድር ብዙም አይሳሳትም፣ ስፋት ሲያወዳድር ግን ስህተቱ ይጨምራል። የቀለም ድምቀትን ደግሞ ከደረጃቸው ግርጌ ነው ያስቀመጡት።

ሌላው ስህተት የቀለም ደረጃ አከፋፈሉ ላይ ነው። ሶፍትዌሩ ራሱ ያቀረበውን ተቀብላችሁ አትለፉ። ለምሳሌ `Equal Count` የሚለው በየደረጃው የሚገቡት ቦታዎች ቁጥር እኩል እንዲሆን ያደርጋል፤ አራት ዞን በአራት ደረጃ ሲሆን እያንዳንዱ ዞን የራሱን ቀለም ያገኛል ማለት ነው። ወደ ሕዝብ ብዛቱ ተመለሱና እዩት። ምሥራቅ ጎጃም በጣም ደማቅ፣ ምዕራብ ጎጃም አንድ ደረጃ ወረድ ያለ፣ አዊ ሌላ አንድ ደረጃ የወረደ ይሆናል። ቀለሙ ሁለቱንም ጊዜ የወረደው እኩል ነው። ቁጥሩ ግን በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም መካከል የሚለየው በ47 ሺህ ሲሆን፣ በምዕራብ ጎጃምና በአዊ መካከል ያለው ልዩነት ከ1.1 ሚሊዮን ይበልጣል። ሃያ አራት እጥፍ የሆነ ልዩነት በአንድ ዓይነት የቀለም እርምጃ ተሸፈነ። ሁለት ጎረቤታሞች እኩል ለመሆን ትንሽ ቀርቷቸው ሳለ ካርታው አንዱን በጣም አስበልጦ ያሳያል፣ ከዚያ ስብሰባ ላይ «ለምን እነሱ በለጡ?» ተብሎ ክርክር ይነሳል።

ወደ ባር ግራፍ ስትሸሹም ተጠንቀቁ፣ እዚያም ይሳሳታል። ልዩነቱ ጎልቶ እንዲታይ ብሎ ዘንጉን ከ2,000,000 የሚያስጀምር ሰው አውቃለሁ። ያኔ ምሥራቅ ጎጃም ምዕራብን በአንድ ተኩል እጥፍ ገደማ የበለጠ ይመስላል፤ እውነቱ ሁለት በመቶ ነው። ዘንግ ሁልጊዜ ከዜሮ ይነሣ። ዞኖቹንም በፊደል ተራ አትደርድሯቸው፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይውረዱ። ዘንጎቹን አግድም ብታደርጓቸው ደግሞ «ምሥራቅ ጎጃም» የሚለው ስም አንገት ሳያስዘነብል ይነበባል።

ካርታ ጣሉት እያልኩ አይደለም። ጥያቄው «ስንት?» ሲሆን ባር፣ «የት? ከማን ጎን?» ሲሆን ካርታ ነው። የወባ ቁጥር ብትይዙ በአባይ ሸለቆ ዳር ያሉት ቆላ ወረዳዎች ተያይዘው መቅላታቸውን የሚያሳየው ካርታ ብቻ ነው፤ ባር ግራፍ ወረዳዎቹን በቁጥር ሲደረድር ጉርብትናቸውን ይበትነዋል። ግን እንዲህ ያለውን በዞን ደረጃ አትቀቡት። አዊን በአንድ ቀለም ስትቀቡ ቆላውን ጃዊንና ከፍታ ላይ ያለችውን ዳንግላን አንድ አደረጋችኋቸው፤ 107 የሚለው አማካይ ጃዊንም ዳንግላንም በቅጡ አይገልጽም። ደግሞ አንዳንድ የወሰን ፋይል የወረዳዎቹን ድንበር ጣና ውስጥ ድረስ ያስገባል፣ ሐይቁን በሰማያዊ ካልሸፈናችሁት ዓሣውም እንደ ሰው ይቀባል።

ካርታውም ቁጥሩም አንድ ላይ የግድ ካስፈለገ እኔ መሬቱን ነጭ እተወውና በየዞኑ መሐል ክብ አስቀምጣለሁ፤ ክቡ በሰው ብዛት ልክ ይተልቃል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚወድቅበት አንድ ጉድጓድ አለ፦ ከቁጥሩ ጋር መሄድ ያለበት የክቡ ስፋት ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ያለው ርዝመቱ አይደለም። ባሕር ዳር የምሥራቅ ጎጃምን አንድ አሥረኛ ገደማ ናት። የምሥራቅ ጎጃም ክብ ዳር እስከ ዳር 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሷ 3 ሚሊ ሜትር አይደለም፣ ስኩዌር ሩቱን ወስዳችሁ ስታሰሉት 1 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ያን ያህል ክብ ከኋላ ወንበርም ይታያል።