የ10 ደቂቃ አኒሜሽን በ6 ሳምንት፦ ፕሮግራሙን የሚያፈርሱ ስህተቶች

"የ10 ደቂቃ አጭር አኒሜሽን አለን። ሦስት አርቲስቶች በፓርት ታይም ይሠሩታል። በ6 ሳምንት ያልቃል?" ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። መልሴ "ያልቃል" ነው። የሚያልቀው ግን ፕሮግራሙ በትክክል ከወጣ ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜ ደግሞ ፕሮግራሙ የሚበላሸው ገና ሥራው ሳይጀመር ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልለይ። እዚህ የማወራው የገጸ ባሕሪው ጭንቅላት፣ አፍ፣ እጅና እግር ለየብቻ ተስለው ሪግ ስለሚደረጉበት፣ ማለትም እንደ አሻንጉሊት እንዲንቀሳቀሱ ስለሚገጣጠሙበት አኒሜሽን ነው። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በእጅ የሚሳልበት ከሆነ ሌላ ወሬ ነው። 10 ደቂቃ በሰከንድ 24 ፍሬም ሲታሰብ 14,400 ፍሬም ይሆናል። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብታቆዩት እንኳ 7,200 ሥዕል ይቀራችኋል። ይህን ለሦስት የፓርት ታይም ሠራተኞች በ6 ሳምንት አትስጡ።

ጊዜውን በሳምንት መቁጠር

ስድስት ሳምንት ሲባል ብዙ ይመስላል። መቆጠር ያለበት ግን ሰዓቱ ነው። አንዷ ቀን ቀን ሌላ ቦታ እየሠራች በሳምንት 18 ሰዓት ትሰጣችኋለች እንበል። ሁለተኛው 15 ሰዓት፣ ተማሪ የሆነው ሦስተኛው 12 ሰዓት አላቸው። በሳምንት 45 ሰዓት፣ በ6 ሳምንት 270 ሰዓት ሆነ። በስድስተኛው ሳምንት አዲስ ሥራ ስለማይመደብ በእጃችሁ ያለው 225 ሰዓት ነው። መሐል ላይ ፋሲካ ወይም ዒድ ከገባ ደግሞ ያንን ሳምንት በግማሽ ቁጠሩት።

225ቱን እኔ እንዲህ እከፍለዋለሁ። ታሪኩ በሥዕል ለሚወጣበት ስቶሪቦርድና ሥዕሎቹ በቪዲዮ ለሚደረደሩበት አኒማቲክ 40፣ ለገጸ ባሕሪያትና ለሪግ 45፣ ለባክግራውንድ 40፣ ለአኒሜሽኑ 100 ሰዓት። ስለዚህ 600 ሰከንድ በ100 ሰዓት መንቀሳቀስ አለበት። ለአንድ ሰከንድ 10 ደቂቃ ብቻ ነው ያላችሁ። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ቀን ለሦስቱም አሳዩዋቸው፤ ከዚያ በኋላ ስክሪፕቱን የሚያነቡት በሌላ ዓይን ነው።

ሁሉንም ሾት እኩል ማየት

ፊልሙ 80 ሾት አለው እንበል። ሦስት ቦታ ክፈሉት። 10 ሾቶች ከባድ ናቸው፦ ሩጫ፣ ድብድብ፣ ሁለት ሰው የሚነካካበት። ለእያንዳንዱ 4 ሰዓት፣ በድምሩ 40። ሌሎቹ 40 ሾቶች ንግግር ናቸው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ በድምሩ 50። የቀሩት 30ዎቹ ካሜራው ብቻ የሚንቀሳቀስባቸው ወይም አንድ ነገር ብቻ የሚወዛወዝባቸው ናቸው፤ ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ፣ በድምሩ 10። ሲደመር 100 ይመጣል።

ችግሩ ስክሪፕት ላይ ቀላል የሚመስለው ሥራ ላይ ከባድ ሆኖ መገኘቱ ነው። "አያት ቡና እየቀዱ ያወራሉ" የሚል አንድ መስመር አለ። ሲያነቡት ንግግር ነው። ሲሠራ ግን ጀበናዋ ታጋድላለች፣ ጣቶቹ እጀታዋን ይይዛሉ፣ ቡናው ይወርዳል፣ ሲኒው ይሞላል፣ እንፋሎቱ ይነሳል። ይህ የ4 ሰዓት ሾት ነው፤ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። አያት ቀድተው ጨርሰው፣ ጀበናዋ ማቶቷ ላይ ተቀምጣ፣ ሲኒውን ይዘው ቢያወሩ ታሪኩ አይጎዳም። ሾቱም ወደ አንድ ሰዓት ከሩብ ይወርዳል። የቀዱበትን በድምፅ አሰሙት። ስክሪፕቱን እንዲህ መስመር በመስመር መፈተሽ የአንድ ምሽት ሥራ ነው፤ የሚያተርፈው ግን የአንድ ሰው ሙሉ ሳምንት ሊሆን ይችላል።

አኒማቲኩ ሳይዘጋ አኒሜሽን መጀመር

በዚህ ላይ ትዕግሥቴ አልቋል። አኒማቲክ ማለት የስቶሪቦርዱ ሥዕሎች ከድምፅ ጋር በትክክለኛ ርዝመታቸው ተደርድረው የሚታዩበት ቪዲዮ ነው። 10 ደቂቃው እዚያ ላይ 10 ደቂቃ መሆን አለበት። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ ማንም አይነካውም፤ ዳይሬክተሩም ጭምር።

ሰው ግን ይቸኩላል። "አርቲስቶቹ ሥራ ፈተው ከሚቀመጡ ግልጽ የሆኑትን ሾቶች ይጀምሩ" ይባላል። ግልጽ የሆነ ሾት የለም! አኒማቲኩ ሲታይ አንድ ትዕይንት ይረዝማል፣ ይቆረጣል። የተቆረጠው ትዕይንት ስድስት የንግግር ሾት ከነበረው ሰባት ሰዓት ተኩል ጠፋ ማለት ነው። 12 ሰዓት ብቻ ያለው ልጅ ከግማሽ ሳምንት በላይ ሥራው ተጣለ። ያንኑ ትዕይንት አኒማቲክ ላይ መቁረጥ ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው። ልጁ ሥራው ሲጣል ካየ በኋላ ቀጣዩን ሾት በምን ሞራል ይሠራዋል?

ከዚህ የባሰው የድምፁ ጉዳይ ነው። አኒማቲኩ የሚዘጋው በመጨረሻው የተዋንያን ድምፅ ነው፤ በስልክ በተቀዳ ጊዜያዊ ድምፅ አይደለም። ለልጆች የተዘጋጀ አንድ የተረት ሥራ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከአርቲስቶቹ አንዱ ትረካውን ለጊዜው ብሎ ቀዳው፤ እየተጣደፈ አነበበው። በዚያ ድምፅ አኒሜሽኑ ተጀመረ። እውነተኛው ተራኪ በአራተኛው ሳምንት መጡ። የተረት ለዛ የሚያውቁ አዛውንት ናቸው፤ "ከዕለታት አንድ ቀን" ብለው ትንፋሽ ይወስዳሉ፣ ልጆቹ እንዲጠብቁ ዝም ይላሉ። ትረካው እጅግ ያምር ነበር። ከጊዜያዊው ድምፅ ግን ከአንድ ደቂቃ በላይ ረዘመ። የተሠሩት ሾቶች በሙሉ አጠሩ፣ የአፍ እንቅስቃሴው ከቃሉ ጋር አልገጥም አለ፣ ጭንቅላት የሚነቀነቅበት ቦታ ሁሉ ተዛነፈ። እኚያን ሰው ፍጠኑ ማለት ደግሞ ፊልሙን መግደል ነው።

ስለዚህ ቀረጻውን በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ አድርጉት። ተዋናዩ የሚመቸው በሦስተኛው ሳምንት ከሆነ ጠቅላላ ፕሮግራሙ ይገፋ፤ አኒሜሽኑ አይቅደም።

አኒማቲኩ ለመዘጋት መድረሱን የምታውቁበት መንገድ ቀላል ነው። ስክሪፕቱን ላላነበበ ሰው አጫውቱለትና ዝም በሉ። "ይሄ ማነው?" ብሎ ከጠየቀ ወይም እናንተ ማብራራት ካማራችሁ፣ አልደረሰም።

ሥራውን ለሦስት እኩል መክፈል

"እያንዳንዳችሁ ሦስት ሦስት ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ውሰዱ።" ፍትሐዊ ይመስላል። ውጤቱ ግን ሦስት የተለያዩ ፊልሞች ናቸው፤ ገጸ ባሕሪው በየትዕይንቱ መልኩ ይለዋወጣል፣ ሦስቱም ሪግ ከባዶ ይለማመዳሉ። እስከ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ በሥራ ዓይነት ክፈሉት። አንዱ ስቶሪቦርድና አኒማቲክ፣ አንዷ ገጸ ባሕሪና ሪግ፣ አንዱ ባክግራውንድ። ወደ አኒሜሽን ሁሉም አንድ ላይ የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ጋ የፓርት ታይም ሥራ ልዩ ባሕርይ አለ። የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ሪጉ ላይ ክርኑ ቢሰበርበት ዞር ብሎ ይጠይቃል፣ በ20 ደቂቃ ይስተካከላል። የእናንተ ልጆች ግን የሚገናኙት ቅዳሜ ነው። ማክሰኞ ማታ ክርኑ የተበላሸበት ሰው መልእክት ይልካል። ሪጉን የሠራችው ሐሙስ ማታ ታየዋለች። ዓርብ ታስተካክላለች፣ ፋይሉ ቅዳሜ ይደርሳል። የ20 ደቂቃ ሥራ አራት ቀን በላ። ሰዓት ቆጥራችሁ ያወጣችሁት ፕሮግራም ይህንን አያሳይም።

ለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ርክክብ ሁሉ ቅዳሜ ይሁን፤ ሦስቱም ባሉበት ፋይሉ ተከፍቶ ይፈተሽ። ሁለተኛ፣ ማንም ሰው አንድ ሥራ ብቻ ይዞ ቤቱ አይግባ። ዋናው ቢቆምበት ወዲያው የሚያነሳው ሌላ ሾት ይኑረው፤ በተለይ ከ20 ደቂቃዎቹ።

ከሾት 1 ጀምሮ በተራ መሥራት

አትሥሩ። አንድ ባክግራውንድ ላይ ያሉትን ሾቶች አንድ ላይ ሥሩ፤ ፋይሉ ተከፍቷል፣ መብራቱ ተስተካክሏል፣ እጃችሁም ለምዶታል። ከዚያ በፊት ግን በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ አንድ የንግግር ሾት እስከ ሬንደር ድረስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ምስል እስኪያወጣ ድረስ ጨርሱ። አንድ ሰዓት ከሩብ ተብሎ ሁለት ሰዓት ተኩል ከወሰደ፣ 40ዎቹ ሾቶች 50 ሰዓት ሳይሆን 100 ሰዓት ይፈልጋሉ። ያንን በሦስተኛው ሳምንት ማወቅ ጥሩ ዜና ነው፤ ገና የሚስተካከል ነገር አለ።

የፍሬም ቁጥር አለመስማማት

አንዱ በ24፣ ሌላው በ25 ከሠራ ድምፁ ቀስ እያለ ይሸሻል። 14,400 ፍሬም በ25 ሲጫወት 9 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ነው የሚሆነው። መጀመሪያ ቀን ወስኑ፣ የጋራ መነሻ ፋይል ሥሩ።

"የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ_አዲሱ"

ፋይሉን `SC03_SH012_anim_v04` ብሎ መሰየም አምስት ሰከንድ ነው። እባካችሁ።

ሬንደርን ለመጨረሻው ቀን ማቆየት

አንድ ፍሬም 10 ሰከንድ ቢፈጅ፣ 14,400ው 40 ሰዓት ይፈጃል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። ስለዚህ በየቅዳሜው ያለቁትን ሾቶች ሬንደር አስገቡ። ደግሞ በቀጥታ ወደ ቪዲዮ አይሁን፤ በየፍሬሙ ወደ `PNG` ይውጣ። ቪዲዮ መሐል ላይ ሲቋረጥ ብዙ ጊዜ ፋይሉ አይከፈትም። በምስል ከሆነ ግን ከቆመበት ይቀጥላል። ብሌንደር ላይ `Overwrite` የሚለውን አጥፉት፤ አፍተር ኢፌክትስ ላይ `Skip existing files` የሚለውን ምረጡ። ከመቀጠላችሁ በፊት የመጨረሻውን ምስል ሰርዙት፤ መብራቱ ሲጠፋ በግማሽ ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

የሚቀነሰውን አስቀድሞ አለመምረጥ

በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ የተሠራው ከግማሽ በታች ከሆነ፣ ሌሊት በመሥራት አይካካስም፤ ልጆቹ ጠዋት ሌላ ሥራ አለባቸው። መቀነስ ነው ያለው። በድካም ሰዓት የሚመረጥ ነገር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ ነው። ስለዚህ አኒማቲኩ ሲዘጋ በዚያው ቀን ዝርዝሩን ሥሩ። ከ10ዎቹ ከባድ ሾቶች ታሪኩን የሚሸከሙት አራት ወይም አምስት ናቸው፤ እነሱ አይነኩም። ከቀሩት መካከል ሁለቱ ወደ ካሜራ እንቅስቃሴ ብቻ ቢቀየሩ ከሰባት ሰዓት በላይ ይመለሳል። ከዚያ ተናጋሪው በጀርባው ወይም ከሩቅ ሊታይ የሚችልባቸውን የንግግር ሾቶች ምልክት አድርጉባቸው፤ አፉ ካልታየ አፍ የሚያናግር ሰው አያስፈልግም። ዝርዝሩን ሦስቱም አርቲስቶች ይዩትና በየቱ እንደሚስማሙ ይናገሩ። ራሳቸው የመረጡት ሾት ሲቀነስ ቅር አይላቸውም።