ግጥም አይገባኝም ለሚል ሰው፦ በመጀመሪያው መድብል ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ጓደኛዬ ቤቱ ደሴ፣ ሥራው ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት ሐረጎን ይወርዳል፣ ማታ ይወጣል። ሰሞኑን «ግጥም ለኔ አይሆንም፣ ተወኝ» አለኝ። ቦርሳው ውስጥ ያለውን ሳየው የጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ» ነው። ያኔ ገባኝ።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፣ ከዳገቱ መጀመር። ጸጋዬ በሚታወቅበት ምጣኔ የስንኙ ግማሽ የሆነው አንዱ ሐረግ 8 ቀለም፣ ማለትም ሲነበብ የሚሰማ 8 የድምፅ ምት፣ ሙሉ ስንኙ 16 ይሆናል። ቃላቱም የታጨቁ ናቸው። ጀማሪ ቤት መምቻው ጋ ሳይደርስ ትንፋሹ ያልቃል። መጽሐፉ ይቆየው፤ ሦስተኛ ወይ አራተኛ ላይ ይመለስበት። መጀመሪያ ታሪክ ያለው ግጥም ይሻላል፤ የመንግሥቱ ለማ «ባሻ አሸብር በአሜሪካ» እያሳቀ ይወስዳል። አጭር ለሚወድ ደግሞ በዕውቀቱ ሥዩም አለ።

ሁለተኛው፣ ግጥምን እንደ ጋዜጣ በዓይን ብቻ ማንበብ። ትልቁ ችግር ይሄ ይመስለኛል። ብዙው የአማርኛ ግጥም በወል ቤት የተጻፈ ነው፤ በስንኙ ውስጥ 6 ቀለም፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ከዚያ ሌላ 6 ቀለም። ለጓደኛዬ ስለ ደሴው ተራራ ስለ ጦሳ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦

ጦሳ ጉም ለበሰ፣ ደሴ ተሰወረ፣
የሄድሽበት መንገድ፣ ካይኔ ጠፍቶ ቀረ።

«ጦሳ ጉም ለበሰ» 7 ፊደል ነው። «የሄድሽበት መንገድ» ግን 10 ፊደል ነው። ጮክ ብላችሁ ስትሉት ሁለቱም እኩል ናቸው፣ 6 ቀለም። ጦ፣ ሳ፣ ጉም፣ ለ፣ በ፣ ሰ። የ፣ ሄድ፣ ሽ፣ በት፣ መን፣ ገድ። እንደ «ጉም» «ም» ያለው ድምፅ አልባ ሳድስ ከሱ በፊት ካለው ፊደል ጋር ይዋጣል። ዓይን ይህን አያይም፣ ጆሮ ግን ወዲያው ያውቀዋል። መንዙማ ሲሰማ ያደገ የወሎ ልጅ «ግጥም አይገባኝም» ሲል ደግሞ እኔ አላምነውም።

ዕረፍቷን መዝለልም ያበላሻል። «ለበሰ ደሴ» ብላችሁ አያይዛችሁ ካነበባችሁት ጦሳ ደሴን የለበሰ ይመስላል።

ሦስተኛው ወርቅ ፍለጋ ነው። ትምህርት ቤት «ሰሙ ምንድን ነው? ወርቁስ?» ሲባል ስለኖርን ሁሉንም ግጥም እንቆፍራለን። ሰምና ወርቅ ያለው ግጥም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠቁማል፤ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ ያነቅፋችኋል። ከላይ ያለው ላይ እንዲህ ያለ ቃል የለም። ጉሙ ጉም ነው። ሰውዬው ናፍቋል፣ በቃ።

መድብልን እንደ ልብወለድ ከገጽ 1 መጀመርም ግዴታ አይደለም። ማውጫውን አይቶ አጭሩን መምረጥ ነው፤ ሁለት ሦስት አንብቦ መዝጋት።

ጓደኛዬ ትናንት ደወለ። ሚኒባስ ውስጥ ባሻ አሸብርን ለራሱ ድምፅ አውጥቶ ሲያነብ ረዳቱ ሂሳብ መሰብሰቡን ትቶ «ከመጀመሪያው ጀምርልን» አለው አሉ።