ቪአር መነጽሬ ጥላ የሚጎትተው ለምን ነበር?
አራት ኪሎ ያለችው ክፍሌ ውስጥ ኩዌስት 2 የተባለውን የቪአር መነጽሬን ከላፕቶፔ ጋር በኬብል አገናኝቼ ስጫወት፣ ጭንቅላቴን ባዞርኩ ቁጥር የሁሉም ነገር ጠርዝ ድርብ ሆኖ ይታየኛል፤ ወዲያው ያቅለሸልሸኛል። ኬብሉን ጠርጥሬ ቀየርኩት፣ በከንቱ።

ጨዋታውን ወደ መነጽሩ የሚያቀርበው ፕሮግራም የስቲም ቪአር ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም አንዱ ምስል፣ ለመሠራት የሚፈጀውን ጊዜ የሚያሳየውን ግራፉን ስከፍት ሲፒዩው 6 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ ምስሉን የሚሥለው ጂፒዩ ግን 15። በ90 ኸርዝ፣ ማለትም ስክሪኑ በሰከንድ 90 ጊዜ ሲታደስ፣ ለአንድ ፍሬም ያለው ጊዜ 11.1 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ጂፒዩው ከዚያ ካለፈ ጨዋታው በሰከንድ ወደ 45 ፍሬም ይወርድና የጎደለውን ሶፍትዌሩ በግምት ይሞላዋል። ድርቡ ጠርዝ የመጣው ከዚያ ነው።

ወደ 72 ኸርዝ ሳወርደው ጊዜው 13.9 ሆነ፤ አልበቃም። ለእያንዳንዱ ዓይን የሚሠራውን ምስል ጥራት የሚወስነውን Resolution Per Eye የሚለውን ወደ 80% ስቀንስ ጂፒዩው 12 ግድም ላይ ረጋ። ራቅ ያለ ጽሑፍ ትንሽ ደብዝዟል፣ ግን አያቅለሸልሸኝም። መብራት ሲጠፋ ግን አልሞክረውም፤ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ጂፒዩው ፍጥነቱን ይቀንሳል።