የሙሌት ክብደት ቻርት ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ የታችኛውን እዩ

ለምግብ ጥራት ፈተና ለምትዘጋጁ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። ሁለት ቻርት ሲሰጣችሁ ዓይናችሁ ቶሎ ወደ አማካዩ ይሄዳል። ተዉት፤ መጀመሪያ ከታች ያለውን፣ በናሙናው ትልቁና ትንሹ ክብደት መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሳየውን የሬንጁን (R) ቻርት እዩ። የአማካዩ ገደብ የሚሰላው ከሬንጁ ነው። ሬንጁ ከተናጋ የአማካዩ ገደብም አያስተማምንም።

500 ግራም የሚል የዱቄት ፓኬት እንውሰድ። በየናሙናው 5 ፓኬት ይመዘናል። አጠቃላይ አማካዩ 503፣ አማካይ ሬንጁ 4 ግራም ነው። 0.577 እና 2.114 ለ5 ፓኬት ናሙና ከሰንጠረዥ የሚወሰዱ ቁጥሮች ናቸው።

```
አማካይ: 503 ± 0.577 × 4 = 500.7 እና 505.3
ሬንጅ: የላይኛው ገደብ 2.114 × 4 = 8.5
```

አሁን 506፣ 501፣ 497፣ 505፣ 503 የሚል ናሙና መጣ። አማካዩ 502.4 ነው፤ ሰላም ይመስላል። ሬንጁ ግን 9 ነው፣ ከገደቡ አልፏል። ስለዚህ መልሱ «ሂደቱ ከቁጥጥር ውጪ ነው» ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

ምክንያቱን ከጠየቋችሁ፣ ሬንጅ ብቻ ሲሰፋ የማሽኑን ማስተካከያ አትውቀሱ። እሱ ቢዛባ ሁሉም ፓኬት አብሮ ስለሚከብድ ወይም ስለሚቀል የሚንቀሳቀሰው አማካዩ ነው። እዚህ የሚጠረጠረው አንዴ የሚይዝ አንዴ የሚለቅ ቫልቭ ወይም የጓጎለ ዱቄት ነው።

ደግሞ 497ን ከ500.7 ጋር እንዳታነጻጽሩ። 500.7 የ5 ፓኬት አማካይ ገደብ እንጂ የአንድ ፓኬት አይደለም። ነጠላ ፓኬት የሚነጻጸረው ሕጉ ወይም ደንበኛው ካስቀመጠው ዝቅተኛ ክብደት ጋር ነው፤ ያ ቁጥር ደግሞ በጥያቄው ውስጥ ለብቻው ይሰጣችኋል።