ድሬ ላይ ለገስት ሀውሳችሁ ስም ስታወጡ

እማዬ ካረፈች በኋላ ከዚራ ያለው ቤታችን ተዘግቶ ከረመ። እህቴ እዚያው ድሬ ናት፣ ወንድሜ ጅቡቲ፣ እኔ አሜሪካ። ስድስት ክፍል አለው፤ ግቢው ጥላ ነው። ገስት ሀውስ እናድርገው ተባባልን። ቀለሙም፣ ፍራሹም፣ የውሃ ታንከሩም በሁለት ወር አለቀ። ስሙ ግን ዓመት ፈጀብን። ለዚያውም አንዴ ተሳስተን ነው።

መጀመሪያ ያወጣነው ስም «የእማዬ ቤት» ነበር። የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ያላለቀሰ የለም። ከዚያ ክረምት ሆነ። ዘመድ ከካናዳም ከስዊድንም ሻንጣውን እየጎተተ መጣ። ከስድስቱ ክፍል አራቱ ሐምሌን በሙሉ ተያዙ። እህቴ ስለ ሂሳብ ቀስ ብላ ስታነሳ፣ አክስታችን «የእማዬ ቤት አይደል እንዴ? የምን ሂሳብ ነው?» አለቻት። መልስ የለውም። ስሙ ራሱ ነው ነጻ ነው ያላቸው።

ሌላም ጣጣ አለው። ቤቱ ገና በውርስ ካልተከፋፈለ፣ የእናት ወይም የአባት ስም ደጃፍ ላይ መስቀል ወራሾቹን ያስቆጣል። «ማን ፈቀደላችሁ?» የሚል ስልክ ይመጣል። የወላጅ ስም መጠቀም የግድ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ወራሾቹ በጽሑፍ ይስማሙ።

የውጭ እንግዳውስ? እሱ ደግሞ ጭራሽ አላገኘንም። እህቴ ታፔላው ላይ Yemaye Bet ብላ አጻፈች። ወንድሜ ጉግል ማፕ ላይ Ye Emaye House ብሎ አስገባ። እኔ ፌስቡክ ላይ Yeemaye አልኩ። አንድ ቤት ሦስት ስም ይዞ ቁጭ አለ። ደግሞ Bet የምትለዋን ቃል እንግሊዝኛ አንባቢ ውርርድ ብሎ ነው የሚያነባት። አንድ ፈረንጅ እንግዳ የስፖርት ቤቲንግ ቤት መስሎት እንደነበር ሲነግረን ሳቅን። ሳቁ ግን የምሬት ነበር።

እንደ አዲስ ተቀመጥን። እኔ «ለገሀር» አልኩ። አባታችን የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ከተማዋም በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ያምራል። ግን ስልካችሁ ላይ ለገሀር ብላችሁ ፈልጉ፤ አዲስ አበባ ነው የሚወስዳችሁ። እህቴ «ከዚራ» አለች። ይሄም የሰፈር ስም ነው። ማንም የፈለገ ከዚራ ካፌ፣ ከዚራ ፋርማሲ ሊል ይችላል፤ እንግዳው ባጃጅ ውስጥ ገብቶ «ከዚራ» ሲል ሹፌሩ «ከዚራ የት ጋ?» ይለዋል። ወንድሜ ስለ ግቢው ዛፍ ብሎ «ጥላ» አለ። በአማርኛ ግሩም ነው። በላቲን Tila ብትጽፉት አንዱ Tela ይለዋል፤ ያገሬ ሰው ደግሞ Tela ሲያይ ጠላ ቤት ነው የሚያነበው።

የኛ ፊደል ችግር እዚህ ላይ ነው። ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ፣ ጨ እና ቸ በላቲን ሲጻፉ ይደባለቃሉ። ግዕዝና ሳድስ ደግሞ ሁለቱም e ወይም i ሆነው ይቀራሉ። በአማርኛም ቢሆን ሐ እና ሀ፣ ሠ እና ሰ ያለበትን ስም ሰው በሁለት ዓይነት ይጽፈዋል። ሐረር ላይ የምትከፍቱ ሰዎች ይሄን በደንብ ታውቁታላችሁ።

በመጨረሻ እህቴ «ፉርጎ» አለች። አባታችን ቤት ሲገባ «ዛሬ ስንት ፉርጎ አለፈ» እያለ ነበር የሚያወራን። ድሬ ያደገ ሰው ቃሉን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ ሰፈሩ ትዝ ይለዋል፤ ግን የኔ ቤት ነው አይልም። በላቲን Furgo ነው፣ እንደ ሌሎቹ አያምታታም። ፈረንሳይኛ የሚናገር የጅቡቲ እንግዳም አይቸገርበትም።

ከመወሰናችን በፊት ሦስት ፈተና ሰጠነው። እህቴ ለባጃጅ ሹፌር አንዴ ብቻ ነግራ ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንዲደግመው አደረገች። እኔ ለአክስቴ ደውዬ ስሙን ነግሬ በቴሌግራም እንድትጽፍልኝ ጠየቅኋት፤ አማርኛ የማያውቅ የሥራ ባልደረባዬንም በላቲን አስጻፍኩት። ከዚያ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ የሚናገሩ ጎረቤቶቻችንን «በናንተ ቋንቋ መጥፎ ነገር ይሆናል?» አልናቸው። ድሬ ላይ ይሄን ሳይጠይቁ ስም ማውጣት ድፍረት ነው።

ከስሙ ቀጥሎ የምትመጣው ቃልም ቀላል አይደለችም። እህቴ «ፔንሲዮን» ልትል ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። ፔንሲዮን የሚባሉ ጨዋ ቤቶች ሞልተዋል፤ ግን ቃሉ የሰዓት ኪራይ ይሸታል። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የሚመጣ ዘመድ ያንን ታፔላ አይቶ ያልፋል። «ሆቴል» ብትሉ ደግሞ እንግዳው ሬስቶራንትና ሌሊቱን የሚጠብቅ ሪሴፕሽን ይጠብቃል፤ ሲያጣው ኮሜንት ላይ ያወርድባችኋል። ለስድስት ክፍል ገስት ሀውስ ይበቃል። ብቻ ንግድ ፈቃዱ ላይ ከሚጻፈው የሥራ ዘርፍ ጋር እንዳይጋጭ እዩ።

ምዝገባው ላይ ሳትደርሱ ታፔላ አታሠሩ። ስሙ መያዝ አለመያዙን etrade.gov.et ላይ ማየት ይቻላል። ከተመዘገበ ስም ጋር አንድ የሆነ ወይም የሚያምታታ ስም አይሰጣችሁም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም የሃይማኖት ተቋም የሚመስል ስምም እንዲሁ። ስለዚህ ሦስት ስም በቅደም ተከተል ይዛችሁ ቅረቡ። ስሙ የሚመዘገበው ፈቃዱን በሚያወጣው ሰው ስም ነው። በእህቴ ስም ከሆነ የንግድ ስሙም የእህቴ ነው፤ ይሄን ከመጀመሪያው ተነጋገሩበት። በራሳችሁ ስም ከሆነና ውጭ አገር ሆናችሁ የምታስጨርሱ ከሆነ፣ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የምትሰጡት ውክልና ላይ «የንግድ ስም ለማስመዝገብና ንግድ ፈቃድ ለማውጣት» የሚል ቃል በግልጽ ይግባ። ቤት ለማስተዳደር ብቻ የተሰጠ ውክልና መስኮቱ ላይ ሊመለስባችሁ ይችላል። አገር ቤት ሲደርስም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ማለፍ አለበት።

የንግድ ስም ሌላ፣ የንግድ ምልክት ሌላ ነው። ምልክቱ የሚመዘገበው በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፤ ለሰባት ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። ለስድስት ክፍል እኔ አልተቸኮልኩበትም። ሁለተኛ ቅርንጫፍ የምታስቡ ግን አስቡበት።

የጉግል ማፕ ገጹን የከፈታችሁበት ኢሜይል የማን እንደሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቁ። የኛን የከፈተው ለሁለት ወር የቀጠርነው ልጅ ነበር፤ ሲሄድ የይለፍ ቃሉም አብሮት ሄደ። ባለቤትነቱ በናንተ ኢሜይል ይሁን፤ አገር ቤት ያለው ሰው በአስተዳዳሪነት ይግባ። ጉግል ለማረጋገጥ ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ይጠይቃል፦ መንገዱ፣ ታፔላው፣ ውስጡ። ታፔላው ላይ ያለው ስም ገጹ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ላያልፍ ይችላል። ስለዚህ Furgo Guest House ብላችሁ ከወሰናችሁ ታፔላውም፣ ገጹም፣ ቢዝነስ ካርዱም በአንድ ፊደል ይሁን።

ስም ስትቀይሩም የድሮውን ገጽ አስተካክሉ እንጂ አዲስ ፒን አትትከሉ። እኛ ተክለን ነበር። አንድ ቤተሰብ ከሌሊቱ በስድስት ሰዓት የድሮውን ፒን ተከትሎ፣ ወንድሜ ሲያስገባ በስህተት ያስቀመጠው ቦታ ላይ፣ የሰው በር ሲያንኳኳ አደረ።